አማላጅ የሌለው መልእክት

ለማናውቀው ሰው ለመጻፍ ስንቀመጥ እጃችን ይያዛል። በወላጆቻችን አገር ወደማይታወቅ ሰው ዝም ተብሎ አይኬድም። ልጅ ለመዳርም፣ የተጣላን ለማስታረቅም፣ ጉዳይ ለማስፈጸምም መጀመሪያ አማላጅ ይፈለጋል። እርሱ ቀድሞ ይገባና «የእገሌ ልጅ ናት፤ ከጨዋ ቤት ናት» ብሎ መንገዱን ይጠርጋል። አማላጅ ያጣ ደግሞ ደጅ ይጠናል። እናም ባለፈው ዓመት በማኅበራዊ ሥራ ዲግሪዋን የጨረሰች አንዲት ጓደኛችን «ሆስፒታል የምትሠራ አንዲት ሴት አለች። አላውቃትም። አስራ አምስት ደቂቃ በስልክ ታናግረኝ እንደሆነ ልጠይቃት ነው» ብላ ቤት ስትናገር፣ አባቷ የቡና ስኒያቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ ይህማ ደጅ ጥናት አይደለም ወይ?» አሏት።

ነገሩን ይዛልን መጣች። ሦስት ሆነን በዩኒቨርሲቲው ካፍቴሪያ ስንከራከር ዋልን። እኛ ዛሬ የምንለው አይደለም ነው። ነገር ግን የአባቷ ጥያቄ ተራ ጥያቄ አልነበረም። ያ መልእክት ደጅ ጥናት የሚሆነውም የማይሆነውም በአጻጻፉ ነው። ጓደኛችን ደግሞ ሁለቱንም ዓይነት ጽፋ ስላየናት ልዩነቱን ማሳየት እንችላለን።

በመጀመሪያ ግን፣ ለምን ለማይታወቅ ሰው? ዘመድ፣ የሠራዊት ጓደኛ፣ ጎረቤት የለም ወይ? አለ። እዚህ አገር ሁሉም ሰው ፕሮቴክጽያ የሚለውን ቃል ያውቃል። መሥሪያ ቤቶችም ራሳቸው «ሃቬር ሜቪ ሃቬር» እያሉ ሠራተኛው ጓደኛውን ካስቀጠረ ጉርሻ ይሰጡታል። ጓደኛህ እዚያ ውስጥ ካለ ጥሩ ነው። ጓደኛህ፣ አጎትህና የአክስትህ ልጅ ሁሉም በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ የጥበቃና የጽዳት ሥራ ውስጥ ካሉ ግን የሚያመጡልህ ወሬ አንድ ዓይነት ነው። በቤታችን ዲግሪ የያዝን የመጀመሪያዎቹ ስንሆን ቅርባችን ያሉት ሰዎች ፍቅር ይሰጡናል፤ ስለ ሆስፒታል የማኅበራዊ ሥራ ክፍል ግን የሚነግሩን ነገር የላቸውም። ቢኖራቸው ኖሮ ሳንጠይቃቸው ይነግሩን ነበር።

ይህን ነገር በትምህርታችን ውስጥም አግኝተነዋል። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1973 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስለ ደካማ ትስስሮች ጥንካሬ ጽፎ ነበር። በቦስተን አጠገብ ባለችው ኒውተን ከተማ ባለሙያዎችን ሥራቸውን እንዴት እንዳገኙ ጠየቃቸው። በሰው በኩል ካገኙት ውስጥ ያንን ሰው ብዙ ጊዜ እናየዋለን ያሉት ከስድስት አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያዩት ሰው ነው። ምክንያቱ የቅርብ ሰው አይወድህም ማለት አይደለም። የቅርብ ሰው የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ራቅ ያለው ግን ሌላ ሰፈር ይውላል። ለሠርግና ለለቅሶ አምስት መቶ ሰው የሚሰበስብ ቤተሰብ ያለን ልጆች፣ ስለ አንድ የሥራ መስክ የምንጠይቀው ሰው አንድም የምናጣው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛችን እንመለስ። አያቷ የኩላሊት በሽተኛ ነበሩ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ከዲያሊሲስ መሣሪያው ጋር ታስረው ይውሉ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እየሄደች የምታስተረጉምላቸው እርሷ ናት። የክፍሉን የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ያኔ አይታታለች፤ ይህን ሙያ የመረጠችውም ከዚያ የተነሣ ነው። ትምህርቷን ስትጨርስ ግን ከተማሪነት ወደዚያ ክፍል የሚያስገባው በር የት እንዳለ አታውቅም። የተግባር ልምምዷን የሠራችው በአንድ ከተማ የሪቭሃ ቢሮ ነው። ግንቦት ውስጥ በአንድ የጥናት ቀን ላይ አንዲት በዲያሊሲስ ክፍል የምትሠራ ባለሙያ ስትናገር ሰማች። ስሟን ጻፈች፤ የኢሜይል አድራሻዋንም በአዳራሹ በተበተነው ወረቀት ላይ አገኘችው።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የላከችው ከሮሽ ሃሻና ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሐሙስ ሌሊት 23፡00 ሰዓት ላይ ነው። በዕብራይስጥ የተጻፈ ነው፤ አጀማመሩን እዚህ ወደ አማርኛ መልሰነዋል፦

«ሻሎም ራቭ፣ እጅግ የተከበሩ። በሥራ መብዛት ተወጥረው ሳለ ስለማስቸግርዎ አስቀድሜ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንደማያውቁኝ አውቃለሁ፤ እንደ እርስዎ ላለ ትልቅ ባለሙያ መጻፍ ለእኔ ድፍረት መሆኑንም እረዳለሁ...»

እንዲህ እያለ ይሄዳል። ቀጥሎ ቤተሰቧ መቼ እንደመጣ፣ የትኛው ሜርካዝ ክሊታ እንደኖሩ፣ በሠራዊት ምን እንደሠራች፣ የፕሲኮሜትሪ ፈተና ስንቴ እንደተፈተነች ይተርካል። አስራ ዘጠኝ መስመር ነው። ጥያቄው አስራ አራተኛው መስመር ላይ ይመጣል፤ እርሱም «ስለ ሙያው አንዳንድ ነገር ቢመክሩኝ» የሚል ነው። ከዚያ ሁለት ጊዜ ደግማ ይቅርታ ትጠይቃለች። ከታች ቆሮት ሃይሟ ተያይዟል።

ሦስት ሳምንት አለፈ፤ መልስ የለም።

በዚያ ካፍቴሪያ ደብዳቤውን ደጋግመን አነበብነው። ነውር የሚባል ነገር የለበትም። እንዲያውም በአማርኛ ቢሆን ለአንድ ትልቅ ሰው የሚገባ አክብሮት ነው። ችግሩ የሚታየው አንባቢዋን ሆነን ስናነበው ነው። ያቺ ሴት በሁለት ታካሚዎች መካከል ስልኳን አውጥታ ታያለች እንበል። መልስ ለመስጠት ምን ያህል ነገር ራሷ መወሰን አለባት? ልጅቷ የምትፈልገው ምን እንደሆነ መገመት አለባት። በጽሑፍ ይሁን በስልክ ወይስ በአካል፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ፣ መቼ እንደሚሆን እርሷ ትፈልግ። ቆሮት ሃይም ስለተያያዘ ደግሞ «ሥራ ነው የምትፈልገው» ብላ ታስባለች፤ ለመቅጠር ሥልጣን ስለሌላት ለኮአሕ አዳም ቢሮ ታስተላልፈዋለች ወይም ኋላ አየዋለሁ ብላ ትተወዋለች። ኋላ የሚታይ ነገር ደግሞ፣ በተለይ «አሕሬ ሃሃጊም» የሚባል ነገር ባለበት አገር፣ ሳይታይ ይቀራል።

የይቅርታው ብዛት ከየት እንደመጣ አውቀነዋል። አማርኛ «እርስዎ» አለው። አንዲት ቃል ብቻ አክብሮቱን ሁሉ ትሸከማለች፤ ከዚያ በኋላ በቀጥታ መናገር ይቻላል። ዕብራይስጥ ይህች ቃል የለችውም፤ ፕሮፌሰሯም ሕፃኗም «አት» ናቸው። እናታችን በዕድሜ የምትሆንን ሴት «አት» ብለን ስንጽፍ ራቁታችንን የቆምን ይመስለናል፤ ስለዚህ የጎደለውን «እርስዎ» በይቅርታ ልንሞላው እንሞክራለን። ዕብራይስጥ አንባቢ ግን በዚያ ውስጥ አክብሮት አያይም። የሚያየው የሚፈራ ሰው ነው፤ ወይም ከባድ ነገር ሊጠይቅ የተዘጋጀ ሰው። አክብሮቱ በዚያ ቋንቋ የሚገለጸው በሌላ መንገድ ነው፤ የሰውየውን ሥራ አስቀድሞ በማወቅ፣ ጊዜውን በመቁረጥ፣ እምቢ ማለቱን ቀላል በማድረግ።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ከበዓላት በኋላ፣ እሑድ ጠዋት ላከች። ይኸው፦

«ሻሎም ራቭ፣

ከበዓላት በፊት ረጅም ደብዳቤ ልኬልዎ ነበር፤ አጭሩ ይኸው።

በዚህ ዓመት በማኅበራዊ ሥራ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ጨርሻለሁ። ግንቦት ላይ በጥናት ቀኑ ስለ ዲያሊሲስ ታካሚዎች ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ሕክምናውን ማቆም ስለሚፈልግ ታካሚ ያነሡት ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። አያቴ ዲያሊሲስ ሲታከሙ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። በዲያሊሲስ ክፍል መሥራት የምትፈልግ ጀማሪ መጀመሪያ ጥቂት ዓመት በሪቭሃ ብትሠራ ይሻላታል፣ ወይስ ከዲግሪው በቀጥታ ሆስፒታል መሞከር? እርስዎ በየትኛው መንገድ እንደገቡ መስማት እፈልጋለሁ።

አስራ አምስት ደቂቃ በስልክ ይበቃኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ወይም ረቡዕ ከ13፡00 እስከ 15፡00 ባለው ጊዜ መደወል እችላለሁ፤ ሌላ ሰዓት ቢመችዎም እስማማለሁ። ሥራ ለመጠየቅ አይደለም። ጊዜ ከሌለዎ "አልችልም" ቢሉኝ ይበቃኛል።

ከምስጋና ጋር»

ከታች ስሟና የስልክ ቁጥሯ አለ፤ ሌላ የተያያዘ ነገር የለም።

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አማላጁ ማን እንደሆነ እንይ። ያ የጥናት ቀን ነው። «ሲናገሩ ሰምቻለሁ» የምትለው ዓረፍተ ነገር ሽማግሌ ሆና ትገባለች፤ እዚህ የመጣሁት በአጋጣሚ አይደለም፣ ለመቶ ሰው የሚላክ ደብዳቤ አልላክሁልዎም ትላለች። «ሥራዎን አደንቃለሁ» ብቻ ብትል ግን አማላጅ አይሆናትም፤ እርሱን ለማንም መጻፍ ይቻላል። ንግግሩ ውስጥ የተነሣውን አንድ ነገር ለይቶ መጥቀስ ያስፈልጋል፤ ያንን ደግሞ በእውነት የሰማ ብቻ ነው የሚጠቅሰው።

የአያቷ ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መሆኑንም ልብ በሉ። በመጀመሪያው ደብዳቤ ሕይወቷ በሙሉ ነበር። እኛ የራሳችንን ታሪክ ረጅም አድርገን መናገር ለምደናል፤ ለስኮላርሺፕ ማመልከቻ ሁሌ የሚጠይቁን ያንን ነውና፣ የወላጆቻችንን ጉዞ ከሱዳን ጀምረን እንጽፋለን። ስኮላርሺፕ ኮሚቴ የሚያነብበው ተከፍሎት ነው፤ ይህች ሴት ግን አልተከፈላትም።

ጥያቄው ደግሞ እርሷ ብቻ ልትመልሰው የምትችለው መሆን አለበት። ለምሳሌ ከ1996ቱ ሕግ ወዲህ የማኅበራዊ ሥራ ሠራተኛ ሆኖ ለመሥራት በመዝገብ መመዝገብ ግዴታ ነው። እንዴት እንደሚመዘገቡ ከሚኒስቴሩ ገጽ ማንም ያነበዋል፤ ይህን ለመጠየቅ የሰው ምሳ ሰዓት መውሰድ ነውር ነው። ሪቭሃ ይቅደም ወይስ ሆስፒታል የሚለው ግን የትም አልተጻፈም። መልሱ ያለው በሠሩት ሰዎች ዘንድ ብቻ ነው።

«ሥራ ለመጠየቅ አይደለም» በሚለው ላይ ግን ተጣልተናል። ከመካከላችን አንዱ «ውሸት ነው! ሥራ ካልፈለገች ለምን ትጽፋለች?» አለ። ነገሩ ተገቢ ነው። እንደ እኛ አስተያየት፣ ሥራ የምትፈልግ ከሆነና ክፍት ቦታ ካለ፣ በሚክራዙ በኩል ተወዳደሪ፤ ያንንም በግልጽ ተናገሪ። በምክር ስም ገብቶ ስልኩ መጨረሻ ላይ «ታዲያ ቦታ አላችሁ?» ማለት ሰውየውን ማታለል ነው፤ ከእርሷ በኋላ የሚጽፈውን ተማሪ በርም ይዘጋል። ጓደኛችን ግን በዚያ ሰዓት የቸገራት ወደየት ማመልከት እንዳለባት ነበር። ስለዚህ ጻፊው አልናት። ከጻፍሽው ደግሞ ጠብቂው።

ሌላ ትንሽ ነገር፤ ሰዓቱን በአኃዝ ጻፉት። በቤታችን ሰባት ሰዓት ማለት ምሳ ነው፤ ለዕብራይስጥ ተናጋሪ ደግሞ ማለዳ ወይም ምሽት። 13፡00 የምትል ማንንም አታሳስትም። በተጨማሪም ታል ወይም ኖአም የሚል ስም ስታዩ ወንድ ይሁን ሴት አጣሩ፤ በዕብራይስጥ እያንዳንዱ ግሥ ያጋልጣችኋል።

መልሱ ማክሰኞ መጣ። አንድ መስመር ነበር። ረቡዕ 14፡00፣ ከስልክ ቁጥር ጋር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ የሚከብድ ነገር እናንሣ። በእነዚያ ሦስት የዝምታ ሳምንታት ጓደኛችን «ስሜን አይታ ነው» አለችን። ይህን ከመካከላችን ያላለ የለም። አንዳንድ ጊዜም እውነት ነው። በስሙና በቆዳው ምክንያት በር የተዘጋበት ሰው በየቤታችን አለ፤ የለም ብለን ልናስተባብል አንችልም። ነገር ግን ከአንድ ዝምታ ምንም ማወቅ አይቻልም። ያ ዝምታ ስሟ ሊሆን ይችላል፤ የበዓል ዋዜማ ሊሆን ይችላል፤ አስራ ዘጠኙ መስመርም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ ስሙ አልተቀየረም፤ የተቀየረው ደብዳቤውና ቀኑ ነው። ያቺ ሴት መለሰች። ይህ በሌላ ሰው ዘንድ ሁሌ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ለሁሉም ጥሩ አድርገው ጽፈው መልስ ያላገኙም አሉ። የምንለው፣ ዝምታውን ከመተርጎማችን በፊት አንድ ጊዜ አሳጥረን እንጻፍ ነው። ከአንድ ሳምንት በኋላ አንዲት መስመር ማስታወሻ መላክ ይቻላል። ከዚያ ዝም ካሉ ዝም እንበል፤ ሦስተኛው መልእክት አባትየው የፈሩት ደጅ ጥናት ነው። ሌላ ሰው አለ።

ስልኩ አስራ ሰባት ደቂቃ ወሰደ። ጓደኛችን በአስራ አራተኛው ደቂቃ ላይ «ጊዜው ሊያልቅ ነው» ብላ አስታወሰች፤ ሴትየዋ ራሷ «ትንሽ ቆዪ» አለቻት። ያወቀችው ነገር ከጠበቀችው የተለየ ነበር። ሴትየዋ ወደ ዲያሊሲስ የገባችው ለወሊድ ፈቃድ የወጣችን ባልደረባ ተክታ ለጥቂት ወራት ነው፤ ከዚያ ቀረች። እንዲህ ያሉ የምትክ ቦታዎች አጭር ስለሆኑ ሰው አይሻማባቸውም፤ ጀማሪ ግን የክፍሉን ሥራ የሚማረው በእነርሱ ነው ብላታለች። ሪቭሃ ውስጥ የተሠራ ዓመትም አይጠፋም፤ ታካሚው ከሆስፒታል ወጥቶ የሚሄደው ወደዚያው ቢሮና ወደ ቢቱዋሕ ለኡሚ ነውና፣ ያንን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው በክፍሉ ይፈለጋል። ጓደኛችን «ማንን ደግሞ ባነጋግር ይሻላል?» ብላ ጠየቀች። ሁለት ስም ሰጠቻት። አሁን አማላጅ አገኘች ማለት ነው፤ ሦስተኛው ደብዳቤ «እገሊት ልካኝ ነው» ብሎ ይጀምራል። አማላጁ እንዲህም ይገኛል፤ መጀመሪያ ያለ አማላጅ የሄደ ሰው ያገኘዋል።

በዚያው ማታ አራት መስመር ምስጋና ላከች፤ ከምክሩ ውስጥ የትኛውን እንደምትሠራበትም ጻፈች። ይህን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። የረዳ ሰው ርዳታው የት እንደደረሰ ማወቅ ይፈልጋል፤ ካልነገርነው ለሚቀጥለው ተማሪ ስልክ የሚያነሣበት ምክንያት የለውም።

ስለ ራሳችን ሰዎችም አንድ ነገር። ለማኅበረሰባችን ባለሙያ ስንጽፍ በአማርኛና በ«እርስዎ» መጻፍ ያምራል፤ ነገር ግን እዚያ ሌላ ክብደት አለ። «የማን ልጅ ነሽ?» ተብሎ ከተጠየቀ በኋላ ዝምድና ይገኛል። ዝምድና ከተገኘ ደግሞ ያ ሰው እምቢ ማለት አይችልም፤ ሥራ ሊፈልግልሽ ይገደዳል። እኛ የምናውቃቸው አንድ ባለሙያ በየሳምንቱ እንዲህ ያለ ስልክ እየተደወለላቸው ደክመዋል። ስለዚህ «ጊዜ ከሌለዎ "አልችልም" ቢሉኝ ይበቃኛል» የሚለው መስመር ለዘመድ ሲጻፍ ይበልጥ ያስፈልጋል እንላለን። ከእኛ ቀድማችሁ ተመርቃችሁ ሥራ የያዛችሁ እኅቶችና ወንድሞችም፣ እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሳችሁ እምቢታችሁንም ቢሆን ጻፉልን። «አሁን አልችልም» የሚል መልስ የደረሰው ተማሪ በማግሥቱ ለሌላ ሰው ይጽፋል፤ ዝም የተባለው ግን ወር ሙሉ ስሙን ሲመረምር ይከርማል።

ጓደኛችን አሁን በአንድ ከተማ ሪቭሃ ቢሮ ትሠራለች። ከሁለቱ ስሞች አንዷ መልሳላታለች፤ ሁለተኛዋ አልመለሰችም። ለአንድ የምትክ ቦታ አመልክታ ውጤቱን እየጠበቀች ነው። አባቷ ሰሞኑን ለስግድ ስንሰበሰብ አግኝተውን፣ ያቺ ሴት የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቁን። አናውቅም አልናቸው። «ሳያውቋትስ መለሰችላት?» አሉና ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ የታናሽ ወንድሟን ደብዳቤ እንድናይለት ለመኑን። የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ነው። አሳየን፤ ሃያ ሁለት መስመር ነው።